«አቦል፣ ቶና፣ በረካ»፦ የሦስቱ ስኒዎች ስም ከየት መጣ?

ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ የሚሰማ አነጋገር ነው። እንግዳው አንድ ስኒ ጠጥቶ ሊነሣ ሲል ባለቤቲቱ «ኧረ በረካውን ሳይጠጡማ አይሄዱም» ትለዋለች፤ እሱም መቸኮሉን ረስቶ ይቀመጣል። በከተማ ንግግር ደግሞ ገና ማንም ያልሰማው ትኩስ ወሬ «አቦል ወሬ» ይባላል። ሦስቱ ስሞች ከጀበናው አልፈው የቋንቋችን መናገሪያ ሆነዋል ማለት ነው።

የአነጋገሩ ትርጉም ከአፈላሉ ሥርዓት የሚወጣ ነው። የተቆላውና የተወቀጠው ቡና አንድ ጊዜ ጀበና ውስጥ ከገባ በኋላ አይለወጥም። መጀመሪያ የሚቀዳው ወፍራሙ አቦል ነው፤ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ሲፈላ ቶና ይሆናል፤ እንደገና ውሃ ሲጨመርበት ቀጭኑ በረካ ይወጣል። እንቆቅልሹ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሦስቱ በጉልበት የሚያንሰው ስኒ በስም ትልቁን ድርሻ ወስዷል፤ «በረካ» በረከት ነውና። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሞች ደግሞ ተራ ቁጥር እንጂ ሌላ ነገር አይደሉም።

አቦል፣ ቶናና በረካ ቡናን ያገኙ ሦስት ሰዎች ስም ነው የሚል ተረት አለ። ለዛ ያለው ተረት ቢሆንም ቃላቱ ራሳቸው ሌላ ነገር ይናገራሉ። «አቦል» በዓረብኛ «አንደኛ» ማለት ከሆነው «አወል» የመጣ ነው፤ «ወ» እና «በ» መቀያየራቸው በአማርኛ እንግዳ አይደለም። «ቶና» ሁለተኛ ማለት ከሆነው «ሣኒ» ወይም በአነጋገር ዓረብኛ «ታኒ» ከሚባለው ጋር ይያያዛል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ ምስክር የሚሆነው የዚህ ቃል «ት» ነው። በዓረብኛ ምላስ በጥርስ መካከል ወጥታ የምትነገረው ድምፅ በግዕዝ ዘወትር «ሰ» ሆና ትገኛለች፤ ሦስት ማለት የሆነው «ሠለስቱ»፣ በሬ ማለት የሆነው «ሶር» ለዚህ ማስረጃ ናቸው። የ«ታኒ» የግዕዝ ዘመድም «ማግስት» የሚል ትርጉም ያለው «ሳኒታ» ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ስኒ ስም ከጥንት ጀምሮ የራሳችን ቢሆን ኖሮ «ሰ» ይዞ በተገኘ ነበር። «ት» ይዞ መገኘቱ ቃሉ ከዓረብኛ ተናጋሪዎች አፍ በቀጥታ እንደተወሰደ ያመለክታል።

ታዲያ ዛፉ ከእኛ ጫካ ሆኖ የስኒዎቹ ስም እንዴት ከባሕር ማዶ መጣ? አረቢካ የሚባለው የቡና ዝርያ በተፈጥሮ የበቀለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በካፋ፣ በሸካ፣ በኢሉባቦርና በአካባቢያቸው ደን ውስጥ ነው። በዚያ ያሉ ገበሬዎች ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለውን ቡና ዙሪያውን እየመነጠሩ፣ የሚያፍነውን ቅርንጫፍ እየቆረጡ ሲለቅሙት ኖረዋል፤ ስለዚህ የዱር ቡና የሚያበቃበትንና እርሻ የሚጀምርበትን መስመር ማስመር አስቸጋሪ ነው። ቡና እንደ ሌላ አዝመራ በማሳ ተተክሎ፣ ውሃ ተመርቶለት፣ ለገበያ ተብሎ መመረት የጀመረው ግን ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን ተራሮች ላይ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የጻፉ የዓረብ ሊቃውንት ፍሬው ከዘይላ አካባቢ እንደሚመጣ ይጠቅሳሉ፤ ዘይላ ደግሞ የሐረርና የመሀል አገር ሲራራ ነጋዴዎች የሚወርዱበት ወደብ ነበረች።

የፍየል እረኛውን ታሪክ እዚህ አላነሣም፤ በጽሑፍ የታየው በ1671 ሮም ውስጥ ስለሆነ ለጥንቱ ነገር ምስክር ሊሆን አይችልም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተሻለ ማስረጃ ያለን ስለ የመን ሱፊዎች ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የኖሩትና በ1470 ገደማ ያረፉት የኤደኑ ሼህ መሐመድ አልዘብሃኒ መጠጡን በሱፊዎች ዘንድ ካስለመዱት ሰዎች አንዱ ሆነው ይጠቀሳሉ። አጠጣጡን ቀርቦ የሚያሳየን በ16ኛው መቶ ዘመን የጻፈው አብዱልቃድር አልጀዚሪ ነው። የየመን ሱፊዎች ሰኞና ዓርብ ሊነጋ ሌሊቱን ለዚክር ሲሰበሰቡ ቡናውን በትልቅ ቀይ የሸክላ ዕቃ ያቀርቡት ነበር፤ መሪያቸው በትንሽ ጭልፋ እየቀዳ ከቀኝ ጀምሮ በተራ ያጠጣቸዋል፤ እነሱም የፈጣሪን ስም እየደጋገሙ ያዜማሉ። ዓላማው እንቅልፍን አሸንፎ እስከ ንጋት መጸለይ ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ «በረካ» ለሚለው ቃል ቦታ መፈለግ አያስቸግርም። በሱፊዎች ዘንድ በረካ ከቅዱስ ሰው ወደ ተከታዮቹ በንክኪ፣ በአብሮ መብላትና በአብሮ መጠጣት የሚተላለፍ ጸጋ ነው። ከአንድ ዕቃ መጠጣትና እስከ መጨረሻው መቆየት የዚህ ጸጋ ተካፋይ ያደርጋል። ሦስተኛው ስኒ «ሦስተኛ» ተብሎ በቁጥር ያልተጠራው ዋጋው በቡናው ጉልበት ሳይሆን እስከ ፍጻሜ አብሮ በመቀመጥ ስለሚለካ ይመስለኛል። በወሎ ቡና ተፈልቶ ዱዓ በሚደረግባቸው ቤቶች ይህ ትርጉም ዛሬም ሕያው ነው፤ ምርቃቱ ሳያልቅ የሚነሣ ሰው የለም።

መጠጡ ከዚያ ወደ ሰሜን ተጓዘ። መካ ደርሶ በ1511 የከተማዋ ሹም ኻይር ቤግ ከለከለው፤ ክልከላው ግን አልዘለቀም። ካይሮ ከገባ በኋላ በ1550ዎቹ ሁለት የሶርያ ሰዎች ኢስታንቡል ላይ ቡና ቤት ከፈቱ። ስሙም አብሮ ተጓዘ፤ ዓረቦች ፍሬውን «ቡን» ሲሉት መጠጡን «ቃህዋ» አሉት፤ ቱርኮቹ «ካህቬ»፣ ጣሊያኖቹ «ካፌ» እያሉ ለዓለም አዳረሱት። ከዓለም ቋንቋዎች ብዙዎቹ የመጠጡን ስም ሲይዙ እኛ የፍሬውን ስም ይዘን ቀረን።

የየመን ገበሬ ቡናውን በእርከን ላይ ተክሎ፣ የደረሰውን ፍሬ በጣሪያ ላይ ያሰጣና በግመል ወደ ቤት አልፋቂህ ገበያ ይልከው ነበር፤ ከዚያ ወደ ሞካ ወደብ ይወርዳል። በ17ኛው መቶ ዘመን ለገበያ የሚቀርበው የዓለም ቡና ከሞላ ጎደል የሚመጣው ከዚህ ነው። የመኖች ዘሩ ከአገር እንዳይወጣ ፍሬውን ይቀቅሉት ነበር ይባላል። ያም ሆነ ይህ ተፈጥሮ ራሷ ታግዛቸው ነበር፤ የቡና ዘር ስስ ቅርፊቱን ሳይለቅ በእርጥበቱ ካልተያዘ በቀር በጥቂት ወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ተፈልፍሎና ደርቆ በጆንያ ወራት የተጓዘ ቡና ለመቁላት እንጂ ለመዝራት አይሆንም። ስለዚህ ነገሩን የለወጠው ከጆንያ የወጣ ፍሬ ሳይሆን በጥንቃቄ የተያዘ ዘርና በሕይወት ያለ ችግኝ ነው።

የአንዱን ዛፍ ጉዞ ብንከተል ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሆላንዶች በ1690ዎቹ መጨረሻ ከሕንድ ማላባር ጠረፍ ችግኝ አምጥተው በጃቫ ተከሉ። በ1706 ከጃቫ አንድ ተክል ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት መናፈሻ ተላከ፤ በመስታወት ቤት ውስጥ ከቅዝቃዜ ተጠብቆ አደገ፣ አፈራም። ከእሱ የተገኘ አንድ ችግኝ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ተሰጥቶ ፓሪስ ተተከለ። በ1720ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ገብርኤል ደ ክሊዩ የተባለ መኮንን ከፓሪሱ ዘር የወጣ ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተሳፈረ። ራሱ ኋላ በጻፈው ደብዳቤ መሠረት መርከቡ ላይ ውሃ ባነሰ ጊዜ ድርሻውን ለችግኙ እያካፈለ አዳነው። አረቢካ በገዛ አበባው የሚዳቀል ተክል ስለሆነ ሌላ ዛፍ አላስፈለገውም፤ አንዱ ብቻውን ደሴቱን የሚሞላ ልጆች ማፍራት ቻለ። በካሪቢያንና በላቲን አሜሪካ ከተስፋፋው ቡና ብዙው ከእነዚህ ጥቂት ዛፎች የተወለደ ነው፤ ጉልበቱን ያፈሰሱበት ግን በአብዛኛው በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ።

ይህ የዘር ጥበት ዋጋ አስከፍሏል። በ1869 የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ እርሻዎች ላይ ታየ። ከቅጠሉ ሥር ብርቱካንማ ዱቄት የሚመስል ነጠብጣብ ይወጣል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ዛፉም ፍሬ መያዝ ያቅተዋል። ዛፎቹ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ስለነበሩ አንዱን ያጠቃው በሽታ ሁሉንም አጠቃ፤ ደሴቲቱም በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ ሻይ ዞረች።

በእኛ አገር የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ሲደርስ የጅማ ተመራማሪዎች ወደ ደኑ ሄደው በሽታው በተስፋፋበት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች እየፈለጉ ዘር ሰበሰቡ። ገበሬው ዛሬ የሚተክለው «74110» የሚባለው ዝርያ በ1974 ከተመረጡት አንዱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓመቱን ያመለክታሉ።

ወደ ስኒዎቹ እንመለስ። ክርስቲያኑ ደጋ አገር ቡናን የእስላም መጠጥ ነው እያለ ለረጅም ጊዜ ርቆት ቆይቷል፤ ይህ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣት ከጀመሩና አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ካለዘቡ በኋላ ነው። መጠጡ ወደ ደጋው ሲወጣ ስሞቹን እንደያዘ ወጣ። ጾመኛዋ ክርስቲያን እናት በዓርብ ከሰዓት በኋላ ከረከቦቱ ፊት ተቀምጣ «በረካውን» ስትቀዳ የምትጠቀምበት ቃል የየመን ሱፊዎች የሌሊት ጸሎት ቃል ነው፤ የምትቀዳበት «ስኒ» ደግሞ በዓረብኛ «ሲኒ»፣ ማለትም «የቻይና ዕቃ» ነው።