ተዋረዳዊ ትንበያን ማስታረቅ ምንድን ነው?

የምግብ ዘይት የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት እናስብ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ የሚሸጠው በሦስት ቅርንጫፎች ብቻ ነው፦ በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳና በጎንደር። ለየካቲት ወር ቅርንጫፎቹ የየራሳቸውን ሽያጭ ተንብየው ላኩ። አዲስ አበባ 500 ካርቶን፣ ሐዋሳ 300፣ ጎንደር 200 አሉ፤ ድምሩ 1,000 ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ የአገር አቀፉን ሽያጭ ለብቻው አይቶ 1,080 ይሸጣል አለ።

ይህ የ80 ካርቶን ልዩነት የመደመር ስህተት አይደለም። አራቱም ቁጥሮች የተሠሩት ከየራሳቸው መረጃ ስለሆነ እንዲገጥሙ የሚያስገድዳቸው ነገር አልነበረም። ግዥ ክፍሉ ግን 1,080 ካርቶን ቢገዛ ትርፉ 80 የት መጋዘን ይራገፍ? የክፍሎቹ ድምር ከጠቅላላው ጋር መግጠም ያለበት እንዲህ ያለው ትንበያ ተዋረዳዊ ትንበያ ይባላል። ቁጥሮቹን እንዲገጥሙ አድርጎ ማስተካከል ደግሞ ማስታረቅ ነው።

ድሮም የነበሩ ሁለት አቋራጮች አሉ። አንደኛው የዋናውን መሥሪያ ቤት ቁጥር ትቶ የቅርንጫፎቹን መደመር ነው፤ ጠቅላላው 1,000 ይሆናል። ሁለተኛው 1,080ን ይዞ እንደ ቀድሞው ድርሻ፣ ማለትም 50፣ 30 እና 20 ከመቶ አድርጎ ማከፋፈል ነው፤ 540፣ 324 እና 216 ይወጣል። ሁለቱም ይደመራሉ፤ ሁለቱም ግን ያለውን እውቀት ግማሹን ይጥላሉ። ጠቅላላው ሽያጭ የአንዱ ቅርንጫፍ መውጣት በሌላው መውረድ ስለሚካካስበት አካሄዱ ጎልቶ ይታያል። ቅርንጫፉ ደግሞ የአካባቢውን ያውቃል። በጥር ለጥምቀት ጎንደር በእንግዳ ስትሞላ የዓመቱ አማካይ ድርሻ ይህን አያውቅም። ዐቢይ ጾም አንዳንድ ዓመት የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ አንዳንድ ዓመት ዘግይቶ ይገባል፤ ቅቤ ቀርቶ ዘይት የሚፈለግበት ወቅትም አብሮት ይንሸራተታል።

አራቱንም ቁጥሮች ሳይጥሉ የማስታረቅን መንገድ ያበጁት ተመራማሪዎቹ ሮብ ሃይንድማን፣ ጆርጅ አታናሶፖሎስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ በእኛ ምሳሌ በጣም ቀላል ነው፤ ልዩነቱን ለአራቱም እኩል ያካፍላል። 80 ለ4 ሲካፈል 20 ነው። ቅርንጫፎቹ በ20 በ20 ይጨምራሉ፣ ጠቅላላው በ20 ይቀንሳል። 520፣ 320 እና 220 ሲደመር 1,060፤ 1,080 ሲቀነስ 20ም 1,060።

እኩል መካፈሉ ግን ትንንሾቹን ይጎዳል። መተማ ላይ 12 ካርቶን ብቻ የሚሸጥ አራተኛ ቅርንጫፍ ቢኖርና ጠቅላላው ከድምሩ በ80 ያነሰ ቢሆን፣ 80 ለአምስት ቁጥሮች ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ 16 ይሆናል። መተማ ከዜሮ በታች 4 ካርቶን ሊሸጥ ነው ማለት ነው!

ስለዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ ማን ምን ያህል ይሳሳታል የሚል ነው። ያለፉትን ወራት ትንበያ ከእውነተኛው ሽያጭ ጋር ስናነጻጽር የአዲስ አበባና የሐዋሳ ስህተት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 20 ካርቶን፣ የጎንደርና የጠቅላላው 40 ሆኖ ተገኘ እንበል። በካሬ፣ ማለትም ቫሪያንሱ፣ 400፣ 400፣ 1,600 እና 1,600 ነው፤ ድምሩ 4,000። ልዩነቱን በዚህ መጠን ስናካፍል አዲስ አበባና ሐዋሳ 10 ከመቶ፣ ማለትም 8 በ8 ይጨምራሉ። ጎንደር 40 ከመቶውን ወስዶ 32 ይጨምራል፤ ጠቅላላው 32 ይቀንሳል። አሁን 508፣ 308 እና 232 ሆነ፤ ድምሩ 1,048፣ ጠቅላላውም 1,048።

የጎንደሩ ሥራ አስኪያጅ ይህን ሲያዩ ስልክ ማንሳታቸው አይቀርም። «ሐዋሳ በ8 ሲነካ እኛ በ32? ምን አጠፋን?» «ጥፋት አይደለም ጋሼ፤ የእናንተ ቁጥር ከወር ወር ስለሚዋዥቅ ነው። ያልረጋው ቁጥር ብዙ ይንቀሳቀሳል፣ የረጋው ብዙም አይነካም።»

ስህተቶች አብረው የሚሄዱበትም ጊዜ አለ። ነዳጅ ሲጠፋ ሁሉም ቅርንጫፍ ካሰበው በታች ይሸጣል። ይህን ዝምድና ጭምር የሚያሰላው፣ ሃይንድማንና አታናሶፖሎስ ከሻኒካ ዊክራማሱሪያ ጋር በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሚንት የተባለው ዘዴ ነው። አር በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ `fabletools` ጥቅል ውስጥ `min_trace()` በሚል ይገኛል።

ይህ ሁሉ ስሌት የቆመው ግን የመነሻ ትንበያዎቹ ወደ አንድ ወገን አያዘነብሉም በሚል ግምት ላይ ነው። እኛ አገር ትንበያና ዕቅድ በአንድ ቅጽ ስለሚሞሉ ከሁሉ በፊት የሚያሠጋኝ ይኸው ነው። ቅርንጫፉ ዕቅዱን በቀላሉ ለመምታት ብሎ ዝቅ አድርጎ ይልካል። ጎንደር በልቡ 260 እያሰበ 200 ብሎ ላከ እንበል። እውነቱን ቢልክ ልዩነቱ 20 ብቻ ይሆንና የታረቀው ውጤት 502፣ 302 እና 268፣ ጠቅላላው 1,072 ይሆን ነበር። አሁን ጎንደር 36 ካርቶን ሲያጣ፣ አዲስ አበባና ሐዋሳ ያልጠየቁት 6 በ6 ይደርሳቸዋል። ዘይቱ አዘዞ መጋዘን ውስጥ ሲያልቅ ተተኪው የሚመጣው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው። ይህን ለመለየት የዚያን ቅርንጫፍ ያለፉ ስህተቶች አማካይ ማየት ነው። አማካዩ ዜሮ አካባቢ ካልሆነና ወር በወር ወደ አንድ ወገን ከሆነ፣ መጀመሪያ ያ አማካይ ከትንበያው ላይ ይታረማል፤ ማስታረቁ ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው ወጥመድ የቀን መቁጠሪያ ነው። ቅርንጫፎቹ ሪፖርት የሚያደርጉት በእኛ ወር፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚመዘግበው በፈረንጅ ወር ከሆነ፣ ልዩነቱ ከትንበያ የመጣ ሳይሆን ከቀናት ነው፤ የትኛውም ዘዴ አያስታርቀውም። ጳጉሜን አንዱ ለብቻዋ፣ ሌላው ከነሐሴ ጋር ቢመዘግባትም ያው ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ትንበያውን ትቶ ያለፈውን እውነተኛ ሽያጭ ወር በወር መደመር። እሱ በአንድ ካርቶን እንኳ ካልገጠመ፣ ለምሳሌ ከመጋዘን መጋዘን የተዛወረ ዕቃ ሁለት ጊዜ እንደ ሽያጭ ተቆጥሮ ከሆነ፣ መጀመሪያ መዝገቡ ይስተካከል።

ከታረቀ በኋላ ደግሞ በተቀመጡ ወራት ላይ ይፈተናል። ሞዴሉ ያላያቸውን ወራት እንዲተነብይ አድርጎ፣ ከማስታረቁ በፊትና በኋላ ያለውን ስህተት ለጠቅላላውም ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍም ለየብቻ ማነጻጸር ያስፈልጋል። አማካዩ ተሻሽሎ አንዱ ቅርንጫፍ ሊብስበት ይችላል፤ ያ ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለው ነው።

መዋቅሩ ራሱ ሲቀየር ነገሩ ይከብዳል። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ሲከፈል፣ የደቡብ ክልልም ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሲሆን፣ አዲሶቹ አካባቢዎች የኋላ ታሪክ በራሳቸው ስም የላቸውም። የጥቂት ወራት መረጃ ይዞ የስህተቱን ቫሪያንስ ማስላት ከመገመት አይሻልም፤ የስህተቶቹን ዝምድናማ ጨርሶ። እንዲህ ሲሆን `min_trace()` ውስጥ `wls_struct` የተባለውን አማራጭ እመርጣለሁ፤ ክብደቱን የሚወስደው ከመዋቅሩ እንጂ ከስህተት ታሪክ አይደለም። በምሳሌያችን ጠቅላላው ሦስት ቅርንጫፍ ስለያዘ 3፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ 1 ይቆጠራል፤ ጠቅላላው በ40 ይቀንሳል፣ ቅርንጫፎቹ በ13.3 ገደማ ይጨምራሉ። ሁለት ሦስት ዓመት መረጃ ሲጠራቀም ወደ ስህተት ታሪኩ መመለስ ይቻላል።