የወለድ ጭማሪ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው እንዴት ነው?

ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የፖሊሲ ወለድ አለው፤ መነሻው 15 በመቶ ነበር። የእኛ ብድር ወለድ ማለት አይደለም። ለባንኮች መነሻ ነው።

እሱ ሲጨምር ግን የባንኮችም ብድር ቀስ እያለ ይወደዳል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ የሚነግድ ሰው 500,000 ብር ተበደረ እንበል። ወለዱ ከ16 ወደ 19 በመቶ ቢወጣ፣ በዓመት 15,000 ብር ይጨምርበታል። ስለዚህ ትንሽ ይበደራል፣ ትንሽ ዕቃ ያስመጣል። ብዙዎች እንዲህ ሲያደርጉ ገዢ ይቀንሳል፤ ዋጋ መቆለልም ይከብዳል። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል።

ታዲያ የዋጋ ንረት ግብ ለምን ይታወጃል? ነጋዴው «ነገ ይወደዳል» ብሎ ዛሬውኑ እንዳይጨምር ነው። የሚሠራው ግን ሰው ካመነው ብቻ ነው።

የመንዝን ገብስ ውርጭ ቢመታው ግን ወለድ እህሉን አይመልሰውም። ከባንክ የማይበደር ገበሬም ጭማሪው በቀጥታ አይነካውም።