የብር ምንዛሪ መውረድ ምንድን ነው? ጫማውና ቤንዚኑስ ለምን እኩል አይወደዱም?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ባንክ የሄደ ሰው 57 ብር ግድም የነበረውን ዶላር 74 ብር ገብቶ አገኘው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ ከ100 ብር አለፈ። የምንዛሪ መውረድ ማለት ይኸው ነው፤ ያንኑ አንድ ዶላር ለመግዛት ብዙ ብር ማውጣት።

ያኔ ብዙ ሰው «ዶላር እጥፍ ከሆነ ሁሉም ነገር እጥፍ ሊሆን ነው» ብሎ ደነገጠ። እንደዚያ አልሆነም። መጠየቅ ያለበት ዕቃው በየትኛው ዶላር ነው የገባው የሚለው ነው።

ጫማን እንውሰድ። ብዙ ነጋዴ ከባንክ ዶላር ስለማያገኝ ከጥቁር ገበያ ይገዛ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ዶላር ቀድሞም ከ110 ብር በላይ ነበር። ጫማው 10 ዶላር ቢሆን፣ ዶላሩንም በ115 ቢገዛው፣ 1,150 ብር ወጣበት ማለት ነው። ጉምሩክ ግን ቀረጥ የሚያሰላው በባንክ ምንዛሪ ነው። ቀረጥና ታክሱ በድምሩ 50 በመቶ ነው እንበል። በ57 ሲሰላ 285 ብር ይመጣል፣ ባንኩም 115 ሲገባ 575 ብር። ስለዚህ የጫማው ወጪ ከ1,435 ወደ 1,725 ብር አደገ። ጭማሪው 20 በመቶ ግድም ነው፤ እሱም ከዶላሩ ሳይሆን ከቀረጡ የመጣ ነው።

እውነተኛው ዱላ የሚያርፈው ድሮም በባንክ ዶላር ይገቡ በነበሩት ላይ ነው፤ ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያ። የነዳጅን ዋጋ ግን መንግሥት ስለሚተምን ጭማሪው ዘግይቶና ተቆራርጦ ይመጣል። መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በተደረገው ክለሳ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ82 ብር ከ60 ወደ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ገባ። ዶላር እጥፍ በሆነበት ጊዜ ይህ 10 በመቶ ብቻ ነው። ቀሪው ግን አልጠፋም። መንግሥት ለጊዜው ይሸከመዋል፣ ከዚያ በየክለሳው ወደ እኛ ይወርዳል።

ወደ ጓዳ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ጤፍ ከውጭ አይመጣም፤ ግን ከጎጃም አዲስ አበባ የሚደርሰው በናፍጣ ነው፣ ማሳው ላይ የተበተነው ማዳበሪያም በዶላር የተገዛ ነው። ለዚህ ነው አስቤዛው ዶላር በጨመረበት ሳምንት ሳይሆን ከወራት በኋላ የሚከብደው። የማዳበሪያው ጭማሪማ ቀጣዩን አዝመራ ይጠብቃል።

ደግሞ ሁሉም ቤት እኩል አይጎዳም። አሜሪካ ያለች እህት በባንክ የምትልከው 100 ዶላር 5,700 ብር የነበረው ባንኩ 115 ሲገባ 11,500 ሆነ። በብር ደመወዝ ብቻ የሚኖረው ጎረቤት ግን በዚያው ደመወዝ የታክሲውን፣ የዘይቱንና የመድኃኒቱን ጭማሪ ይከፍላል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ የሚገዛ ሰው ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚናጋው የዚያ ቤት በጀት ነው፤ ከሥጋ ይቀነሳል፣ ከልብስ ይቀነሳል፣ ከመድኃኒት ግን አይቀነስም።