ከተዘበራረቀ ደረሰኝ ሰንጠረዥ ማውጣት ምንድን ነው?

ሃያ ደረሰኞች አሉ እንበል። ከፊሎቹ በስልክ ፎቶ ተነሥተው ወደ ጽሑፍ የተቀየሩ፣ ከፊሎቹ ከኢሜይል፣ ሌሎቹ ከፒዲኤፍ የተቀዱ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ላይ ተለጥፈዋል። የሻጩ ስም ከአድራሻው ጋር ተጣብቋል፤ ዋጋው ከዕቃው ስም ሁለት መስመር ወርዶ ተቀምጧል። ከዚህ ውስጥ ስምን፣ ቀንንና የገንዘብ መጠንን ለቅሞ እያንዳንዱን ደረሰኝ በአንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱን መረጃ በየራሱ ዓምድ ማስገባት መረጃ ማውጣት ይባላል። የደረሰኞቹ አቀማመጥ ሲለያይ ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ፕሮግራም መጻፍ አድካሚ ነው። የቋንቋ ሞዴል ግን አንዱ ደረሰኝ «ጠቅላላ»፣ ሌላው «ተከፋይ» ቢል ሁለቱም አንድ ነገር መሆናቸውን ከአገባቡ ስለሚለይ አንድ ትእዛዝ ለብዙዎቹ ይበቃል።

ይኸው ጥንካሬው የድክመቱም ምንጭ ነው። ሞዴሉ የሚጽፈው ቀጥሎ ሊመጣ ይችላል የሚለውን ጽሑፍ ነው። «ቀን» የሚል ዓምድ ሰጥተውት ደረሰኙ ላይ ቀን ከሌለ፣ ባዶ ከመተው ይልቅ ከጎረቤቱ ደረሰኝ ቀን ወስዶ ሊሞላው ይችላል። በእጅ ስንጽፍ የምንሳሳተው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ይስባል፤ ዜሮ ይበዛል፣ ፊደል ይዘለላል። የሞዴሉ ስህተት ግን ከትክክለኛው ጋር አንድ ዓይነት መልክ ይዞ በረድፉ ውስጥ ተስተካክሎ ይቀመጣል።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ሞዴሉ ይቅዳ፤ መደመሩንና ማመሳከሩን የሰንጠረዡ ፎርሙላ ይሥራ። ይህ እንዲሆን ከሞዴሉ የምንጠይቀው ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ውጤቱ የተገኘበትን መስመር ጭምር ነው። በአንድ ደረሰኝ ላይ እንየው።

```
### 3
ABC TRADING
Inv No 00417    03/04/2025
Notebook   6 x 45.00     270.00
Toner      1 x 980.00    980.00
SUBTOTAL               1,250.00
TAX 10%                  125.00
TOTAL                  1,375.00
CASH                   1,500.00
CHANGE                   125.00
```

ይህ ንጹሕ የሚባል ደረሰኝ ነው፤ ሆኖም ወጥመድ አለበት። ትልቁ ቁጥር ደንበኛው የሰጠው ጥሬ ገንዘብ እንጂ ጠቅላላው አይደለም። «TOTAL» የሚል ቃል ያለባቸው መስመሮች ሁለት ናቸው። ታክሱና መልሱ ደግሞ በአጋጣሚ ሁለቱም 125 ሆነዋል፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሞዴሉ ከየትኛው መስመር እንደወሰደው ሊያውቅ አይችልም። ቀኑም ኤፕሪል 3 ወይም ማርች 4 ሊሆን ይችላል።

ትእዛዙ እንዲህ ቢጻፍ በቂ ነው፦

```
ደረሰኞቹ በ### እና በቁጥር ተለይተዋል።
ለእያንዳንዱ ደረሰኝ አንድ ረድፍ ብቻ ጻፍ።
ዓምዶቹን በታብ ለያይ፤ ውጤቱን በኮድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጥ።
ዓምዶች በቅደም ተከተል፦
ቁጥር፣ ሻጭ፣ ቀን እንደታተመ፣ ቀን (YYYY-MM-DD)፣
የጠቅላላው መስመር እንደታተመ፣ ንዑስ ድምር፣ ታክስ፣ ጠቅላላ
ደረሰኙ ላይ የሌለውን ባዶ ተው። ምንም አትደምር፣ አትቀንስ።
ቀንና ወር የማይለዩ ከሆነ አራተኛውን ዓምድ ባዶ ተው።
ገንዘቡን ያለ ኮማ፣ በነጥብ ጻፍ፦ 1375.00
```

«ምንም አትደምር» የሚለው መስመር ትርፍ ይመስላል፤ ግን አስፈላጊ ነው። ንዑስ ድምር ያልታተመበት ደረሰኝ ሲያጋጥመው ሞዴሉ ከጠቅላላው ላይ ታክሱን ቀንሶ ዓምዱን ሊሞላ ይችላል። ያን ጊዜ ኋላ የምናደርገው ማመሳከር ሁልጊዜ ልክ ይሆናል፤ የምናመሳክረው ሞዴሉ ራሱ አስማምቶ የሠራውን ቁጥር ነውና።

ታብ የተመረጠው ኮማ ስለሚያስቸግር ነው። «1,375.00» ኮማ በሚለያያቸው ዓምዶች ውስጥ ከገባ 1 በአንድ ዓምድ፣ 375.00 በሚቀጥለው ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ረድፍ በሙሉ አንድ ዓምድ ወደ ቀኝ ይገፋል። የኮድ ሳጥኑ ደግሞ ታቡ በስክሪኑ ላይ ወደ ተራ ክፍተት እንዳይለወጥ ያግዛል። ከለጠፉ በኋላ ሁሉም ነገር A ዓምድ ውስጥ ከተከመረ ታቡ ጠፍቷል ማለት ነው። ሞዴሉ በታብ ፈንታ | ምልክትን እንዲጠቀም አዝዘው ኤክሴል ላይ `Text to Columns`፣ ጉግል ሺትስ ላይ `Split text to columns` በሚለው ይከፋፍሉት።

ከመለጠፍ በፊት አንድ ነገር ይቀድማል፤ C ዓምድን፣ ማለትም ቀኑ እንደታተመ የሚገባበትን፣ ፎርማቱን `Text` ወይም `Plain text` ያድርጉት። አለበለዚያ ሰንጠረዡ «03/04/2025»ን አይቶ በኮምፒውተሩ የአገር ቅንብር መሠረት ራሱ ወደ ቀን ይለውጠዋል፤ ማስረጃ ብለን ያስቀመጥነው ነገር ሳናውቀው ይቀየራል። የደረሰኝ ቁጥር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነም ዓምዱ እንዲሁ ጽሑፍ ይሁን። ያለዚያ 00417 ወደ 417 ይለወጣል።

የመጀመሪያውን ረድፍ ለዓምዶቹ ስም ትታችሁ ውጤቱን ከA2 ጀምሮ ስትለጥፉ A ቁጥሩን፣ B ሻጩን፣ C የታተመውን ቀን፣ D የተስተካከለውን ቀን፣ E የጠቅላላውን መስመር፣ F ንዑስ ድምሩን፣ G ታክሱን፣ H ጠቅላላውን ይይዛል። I ላይ የደረሰኙን ሙሉ ጽሑፍ ራሳችሁ ለጥፉ። ሴሉን ሁለቴ ተጭናችሁ ከገባችሁ በኋላ መለጠፍ አለባችሁ፤ በላዩ ብቻ ከለጠፋችሁት እያንዳንዱ መስመር ወደ ተለያየ ረድፍ ይወርዳል። ከዚያ J2 እና K2 ላይ እነዚህን ሁለት ፎርሙላዎች ጽፋችሁ ወደ ታች ላሉት ረድፎች ቅዷቸው፦

```
=ROUND(F2+G2-H2,2)=0
=AND(LEN(E2)>0,ISNUMBER(FIND(SUBSTITUTE(E2," ",""),SUBSTITUTE(I2," ",""))))
```

አንዳንድ የአገር ቅንብር ላይ በፎርሙላው ውስጥ ከኮማ ይልቅ `;` ይገባል። የመጀመሪያው ሒሳቡን ያያል። በምሳሌያችን 1250 ሲደመር 125 እኩል 1375 ስለሆነ `TRUE` ይላል። ሞዴሉ 1,500ን ጠቅላላ ብሎ ቢወስድ ወይም ንዑስ ድምሩን በጠቅላላው ቦታ ቢደግመው `FALSE` ይወጣል። `ROUND` የገባው ኮምፒውተር የአሥርዮሽ ክፍልፋዮችን ሲደምር የሚያመጣት ጥቃቅን ልዩነት ልክ የሆነውን ረድፍ ስህተት እንዳታስመስል ነው።

ሁለተኛው ሞዴሉ «እንደታተመ» ብሎ የጻፈው መስመር በእውነት ደረሰኙ ውስጥ መኖሩን ይፈልጋል። ክፍተቶቹን የሚያጠፋው ሞዴሉ ብዙ ክፍተት ያለበትን መስመር ሲቀዳ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ስለሚያሳጥረው ነው። `LEN` ያለው ክፍልም ምክንያት አለው፦ ኤክሴል ውስጥ `FIND` ባዶ ነገር ፈልግ ሲባል «አገኘሁ» ይላል፤ ስለዚህ ያለ `LEN` ባዶ የቀረ ረድፍ እንደተረጋገጠ ይቆጠር ነበር። ሁለቱ ፎርሙላዎች አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናሉ። F፣ G እና H ሁሉም ባዶ ቢሆኑ J ዜሮና ዜሮ አስልቶ `TRUE` ይላል፤ የጠቅላላው መስመር ስላልተገኘ የሚያጋልጠው K ነው። በተቃራኒው «SUBTOTAL» ውስጥ «TOTAL» የሚለው ቃል ስላለ፣ ሞዴሉ «TOTAL 1,250.00» ብሎ ቢጽፍ K ያሳልፈዋል፤ የሚያስቆመው J ነው።

`FALSE` ማለት «ይህን ረድፍ በዓይን እይ» ማለት እንጂ «ስህተት ነው» ማለት አይደለም። ታክሱ በዋጋው ውስጥ የተካተተበት ደረሰኝ ንዑስ ድምር ላያትም ይችላል፤ ቅናሽ ያለበትም በሁለት ቁጥር መደመር አይታረቅም። ቅናሽ የሚበዛባቸው ደረሰኞች ከሆኑ ለቅናሹ አንድ ዓምድ ጨምራችሁ በፎርሙላው ውስጥ ቀንሱት።

ቀኑን ፎርሙላ አያድነውም። 03/04/2025ን ለመፍታት የሚቻለው ከደረሰኙ ውጭ ባለ ማስረጃ ነው። የዚያው ሻጭ ሌላ ደረሰኝ «25/03/2025» ካለ ቀኑ ከወሩ እንደሚቀድም ግልጽ ነው፤ 25ኛ ወር የለምና። ያን ጊዜ ለዚያ ሻጭ ቅደም ተከተሉን በትእዛዙ ላይ ጽፋችሁ ድጋሚ አስወጡት። ማስረጃ ከሌለ D ባዶ ይቆይ። የተገመተ ቀን ከባዶ ሴል ይከፋል፤ ባዶው ይፈለጋል፣ የተገመተው ግን ተመልሶ የሚያየው የለም።

ቁጥሮችም እንዲሁ አገር አላቸው። አንዳንድ ደረሰኝ «1.375,00» ብሎ ያትማል፤ ነጥቡ ሺህ ለያይ፣ ኮማው የሳንቲም ምልክት ነው። እንዲህ ያሉት ከሌሎቹ ጋር ሳይደባለቁ ለብቻቸው ይላኩ፤ የትኛው ምልክት ምን እንደሆነም በትእዛዙ ይነገር። የገቡት መጠኖች በሴሉ ግራ ጠርዝ ላይ ከተሰለፉ ሰንጠረዡ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር አልተቀበላቸውም ማለት ነው።

በአንድ ጊዜ ስንት ደረሰኝ ይላክ? አሥር አሥር ማድረግ ይሻላል። ዝርዝሩ ሲረዝም ሞዴሉ መሐል ላይ ያሉትን ሊዘል ወይም የአንዱን ድምር ከሌላው ስም ጋር ሊያጣምር ይችላል። በ### የሰጠናቸው ቁጥሮች ለዚህ ነው የሚጠቅሙት፤ A ዓምድ ከ1 እስከ 10 ሳይዘል ከወረደ የጠፋ ረድፍ የለም። ከመላክ በፊት የካርድ ቁጥርና የደንበኛ ስልክ ከጽሑፉ ላይ ይጥፉ፤ ለሰንጠረዡ አያስፈልጉም።

ስም ላይ ሁለት ችግር አለ። አንደኛው ደረሰኝ ላይ የሻጭ፣ የገዢና የገንዘብ ያዥ ስም አብረው መገኘታቸው ነው፤ ስለዚህ «ስም» ሳይሆን «ሻጭ» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው አንዱ ድርጅት በአንዱ ደረሰኝ «ABC TRADING»፣ በሌላው «A.B.C. Trading» ተብሎ መታተሙ ነው። ሞዴሉ አንድ ያድርጋቸው ካላችሁት ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሁለት የተለያዩ ድርጅቶችም ሊያዋህድ ይችላል። እንደታተመ ይቅዳ፤ በሌላ ሺት ላይ የታተመውን ስም በአንድ ዓምድ፣ ትክክለኛውን በቀጣዩ አስቀምጣችሁ በ`VLOOKUP` አገናኙት። ዝርዝሩ አንዴ ከተሠራ በሚቀጥለውም ወር ያገለግላል።

ከፎቶ ወደ ጽሑፍ በተቀየረ ደረሰኝ ላይ ግን ስህተቱ ሞዴሉ ጋ ሳይደርስ ሊገባ ይችላል። 3 እንደ 8፣ 0 እንደ O ፊደል ይነበባል። ጠቅላላው 1,875.00 ተብሎ ከተነበበ ሞዴሉ በታማኝነት ይቀዳዋል፣ K «አለ» ይላል፣ J ግን ሒሳቡ ስለማይገጥም ያስቆመዋል። ቀን ላይ እንዲህ ያለ መያዣ የለም። 03 ወደ 08 ከተለወጠ ሁለቱም ፎርሙላዎች `TRUE` ብለው ያሳልፉታል፤ ስለዚህ በፎቶ የመጡትን ደረሰኞች C ዓምድ ከፎቶው ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ግድ ነው።