ታይፎይድ ምንድን ነው? ወረቀቱ ላይ ያለው 1:160 የሚነግረንና የማይነግረን

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ «ኦ 1:160፣ ኤች 1:160» የሚል የቪዳል ምርመራ ወረቀት ይዞ ይወጣል። «ታይፎይድ ተገኘብኝ» ብሎ ለቤተሰቡ ይናገራል፤ መድኃኒትም ይጀምራል። ወረቀቱ ግን ባክቴሪያው ተገኘ አላለም። ምን እንዳለ ለመረዳት አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ሰውየው ትኩሳት ከጀመረው ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው?

ታይፎይድ፣ በአማርኛ የአንጀት ተስቦ፣ ሳልሞኔላ ታይፊ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ ነው። ይህ ባክቴሪያ የሚኖረው በሰው ብቻ ነው፤ ከብትም ዶሮም አይሸከመውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ታማሚ በሽታውን ያገኘው ከሌላ ሰው ሰገራ ነው፣ በውኃ ወይም በምግብ በኩል። በቅማል ከሚተላለፈው ተስቦ፣ ማለትም ከታይፈስ ጋር ስሙ ቢቀራረብም በሽታው ሌላ፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። «ታይፎይድና ታይፈስ አብረው ተገኙ» የሚለው ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የሁለቱን ምርመራዎች ድክመት ነው።

ባክቴሪያው ከምግብ ጋር ገብቶ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያልፋል፤ ከዚያም በጉበት፣ በጣፊያና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይደበቃል። የሚደበቀውም ሊበሉት በተሰማሩት የደም ሕዋሳት ሆድ ውስጥ ነው፤ ይህንን ኋላ ስለ መድኃኒት ስናነሣ እንመለስበታለን። ከገባበት ቀን እስከ መጀመሪያው ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ዛሬ ላተኮሰው ሰው ትናንት የበላውን ምግብ መክሰስ የማያዋጣው ለዚህ ነው። የሚጠየቀው ከሁለት ሳምንት በፊት የት እንደነበረና ምን ውኃ እንደጠጣ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ትኩሳቱ ቀን በቀን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከፍ ይላል፤ ማታ ማታም ይብሳል። ራስ ያማል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ደረቅ ሳል ሊኖር ይችላል። አዋቂዎችን ብዙ ጊዜ ሆድ ድርቀት ይይዛቸዋል፤ ተቅማጥ በሕፃናት ይበዛል። ስለዚህ «ተቅማጥ የለኝም፣ ታይፎይድ አይደለም» ማለት አይቻልም። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ 39 እና 40 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል፤ ሆድ ይነፋል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ታማሚው ይፈዛል። መጻሕፍት የሚጠቅሷቸው ሮዝ ነጠብጣቦች በጠይም ቆዳ ላይ አይታዩም ማለት ይቻላል።

በጣም የሚያስፈራው ሦስተኛው ሳምንት ነው። በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ያሉት ንፍፊቶች ሲቆስሉ ይደማሉ፤ አንዳንዴም አንጀቱ ይበሳል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ወይም ደም ሲቀላቀልበት፣ ሆዱ ድንገት አሞት እንደ ጣውላ ሲደድር፣ ትኩሳቱ በአንድ ጊዜ ወርዶ የልብ ምቱ ግን ሲፈጥን ነገሩ ከእጅ እየወጣ ነው። የመጨረሻውን ምልክት ቤተሰብ «በረደለት» ብሎ ይደሰትበታል። አንጀቱ ለተበሳ ሰው መርፌና ኪኒን ብቻ አይበቃውም፤ በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሳይታከሙ ከቀሩ ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 30 ሊሞቱ ይችላሉ። በጊዜ ተገቢውን መድኃኒት ካገኙ ይህ ወደ 1 ይወርዳል።

ቪዳል የሚባለው ምርመራ በ1896 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣ ነው። የሚፈልገው ባክቴሪያውን አይደለም፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ከታማሚው የደም ውኃ ጥቂት ስላይድ ላይ ተደርጎ ከተገደለ ባክቴሪያ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል እየተወዛወዘም መጓጎሉ ይታያል። ኦ የባክቴሪያው ገላ፣ ኤች ደግሞ ጭራው ነው። 1:160 የተባለው የደም ውኃው 160 እጥፍ ቀጥኖም ጓጎለ ለማለት ነው። በስላይድ ግን ሥራው የሚከናወነው የደም ውኃውን መጠን በመቀነስ ነው፦ 20 ማይክሮ ሊትር ለ1:80፣ 10 ለ1:160፣ 5 ለ1:320 ይቆጠራል። ጠብታው በዓይን ግምት ከተደረገ ቁጥሩም ግምት ይሆናል። ፈሳሹ ከፍሪጅ ወጥቶ ሳይሞቅ ወይም በደንብ ሳይናወጥ ከተሠራበት ውጤቱ ይሳሳታል። ከደቂቃው አልፎ የተነበበ ስላይድ ደግሞ ጠርዙ ሲደርቅ የጓጎለ ይመስላል።

ሁሉም በትክክል ቢሠራ እንኳ ቀኑ አለ። የኦ አንቲቦዲ የሚታየው ከ6ኛው እስከ 8ኛው ቀን አካባቢ ነው፣ የኤች ከ10ኛው እስከ 12ኛው። ስለዚህ በ3ኛው ቀን የመጣ እውነተኛ የታይፎይድ ታማሚ ቪዳሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የኦ አንቲቦዲ ለወራት፣ የኤች ደግሞ ለዓመታት ይቆያል። ታይፎይድ በሚበዛበት አካባቢ ከዓመታት በፊት የተያዘ ጤነኛ ሰው ዛሬም ሊጓጉልበት ይችላል። ሌሎች የሳልሞኔላ ዓይነቶች የኦ መለያውን ስለሚጋሩ እነሱም ያጓጉሉታል፤ ወባም እንዲሁ። በደንብ የሚያስረዳው ከ7 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተወስዶ ቁጥሩ 4 እጥፍ ሲያድግ ነው፣ ለምሳሌ ከ1:80 ወደ 1:320። ይህ በተግባር አይደረግም፤ ለሁለት ሳምንት ሳይታከም የሚጠብቅ ታማሚ የለምና።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ቆቦ ማሽላ ሲያጭድ ሰንብቶ ወደ ደሴ የተመለሰ ወጣት ትኩሳት ከጀመረው 4ኛ ቀኑ ነው፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያልበዋል፣ ራሱን ያመዋል። ቪዳሉ ኦ 1:160፣ ኤች 1:160 ወጣ። ኤች በ4ኛው ቀን ይህን ያህል የሚያድግበት ምክንያት የለም፤ ከቀድሞ የተረፈ ወይም ከሌላ የመጣ መሆኑ ይበልጥ ያስኬዳል። የመጣው ከቆላ ነው፤ አስቀድሞ የወባ ደም ሊታይለት ይገባል። ወባው በሚታይበት ስላይድ ላይ በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት ተሕዋስም ሊገኝ ይችላል፤ ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ማደሪያ ላደረ የቀን ሠራተኛ ይህ መታሰብ አለበት። ይህ ወጣት ወባ ኖሮበት የታይፎይድ መድኃኒት የሆነውን ሴፍትሪያክሶን ብቻ ከተወጋ ቀናቱ ባከኑ፤ ወባ ደግሞ ቀን አይሰጥም።

ይህን በቁጥር ለማየት ለማሳያ ያህል እንዲህ እናስላ። ካተኮሳቸው 100 ሰዎች 5ቱ ታይፎይድ አላቸው እንበል። ቪዳል ከ5ቱ 4ቱን ያገኛል፣ ከቀሩት 95 ደግሞ ከ5 አንዱን በስሕተት «ፖዘቲቭ» ይላል፤ ያ 19 ሰው ነው። «ታይፎይድ አለብህ» ከተባሉት 23 ሰዎች ያለበት 4ቱ ብቻ ነው ማለት ነው።

የተሻለው ምርመራ የደም ካልቸር ነው። ባክቴሪያውን ራሱን ያበቅላል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ያሳያል። ነገር ግን በታማሚው ደም ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ብዙ ጊዜ ከአንድ ያነሰ ባክቴሪያ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ከአዋቂ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት፣ በተለይም በመጀመሪያው ሳምንት መወሰድ አለበት። 2 ሚሊ ሊትር ተወስዶ «ምንም አልበቀለም» ማለት ታይፎይድ የለም ማለት አይደለም። በደንብ ሲሠራም ከ10 ታማሚዎች የሚያገኘው ወደ 6ቱን ነው። ካልቸር በሌለበት ቦታ ሐኪሙ የሚመዝነው ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደቆየ፣ እንዴት እንደወጣ፣ የወባው ምርመራ ባዶ መሆኑንና የሆድ ምርመራውን ነው። ቪዳል ከእነዚህ ጎን የሚቆም ደካማ ምስክር ነው።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ባክቴሪያው በሕዋስ ውስጥ ተደብቋል ብለናል። ጄንታማይሲን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ይገድለዋል፤ ነገር ግን ሕዋስ ውስጥ በበቂ ስለማይገባ ታማሚውን አያድነውም። ክሎራምፌኒኮል፣ አሞክሳሲሊንና ኮትሪሞክሳዞል የቀድሞዎቹ ናቸው፤ ሦስቱንም የሚቋቋም ዝርያ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ባክቴሪያው እስካልተላመደው ድረስ በጣም ጥሩ ነው፣ 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ። ችግሩ በብዙ አካባቢ ተላምዶታል፤ ምላሹም ይዘገያል ወይም ይከሽፋል። መዋጥ ለሚችልና ላልከፋበት ሰው አዚትሮማይሲን ይመረጣል፦ በመጀመሪያው ቀን 1 ግራም፣ ከዚያ 500 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ በጠቅላላው 7 ቀን። ለከፋበት ወይም ለሚያስመልሰው ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በቀን አንዴ በደም ሥር ይሰጣል፣ ለ10 ቀን ያህል። ይህ የአዋቂ ልክ ነው፤ የሕፃናት በኪሎ ይሰላል፣ ለማንም የሚያዝዘውም ሐኪም ነው።

እዚህ ላይ በብዛት የሚፈጸም ስሕተት አለ። ትክክለኛው መድኃኒት ተጀምሮም ትኩሳቱ ለመውረድ ከ4 እስከ 6 ቀን ይወስዳል። በ2ኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መቀየር፣ ወይም በ4ኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥ ሁለቱም ይጎዳሉ። በትክክል ታክሞም ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ያገረሽባቸዋል። መዳንን ለማረጋገጥ ቪዳልን መድገም ግን ጥቅም የለውም፤ አንቲቦዲው ከዳኑም በኋላ ስለሚቆይ ለዳነ ሰው እንደገና መድኃኒት ማሳዘዝ ብቻ ይሆናል።

ከተያዙት ከ100 ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ደግሞ ድነውም ባክቴሪያውን ከዓመት በላይ በሰገራቸው ያወጣሉ። መኖሪያው የሐሞት ከረጢት ነው፤ ጠጠር ካለ በጠጠሩ ላይ ተለጥፎ ሽፋን ስለሚሠራ መድኃኒት ጨርሶ አያጠፋውም። በሴቶችና ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ይበዛል። ተሸካሚው አያተኩሰውም፣ አያመውም። ኒውዮርክ ውስጥ በየቤቱ ምግብ ታበስል የነበረችው ሜሪ ማሎን በ1907 ዓ.ም. (እ.አ.አ.) የተደረሰባት እንዲህ ነበር። ተለቅቃ ተመልሳ ምግብ ማብሰል ስትጀምር በ1915 እንደገና ተይዛ እስከ ሞቷ፣ እስከ 1938 ተለይታ ኖረች።

በሰርግ፣ በሰደቃ ወይም በተዝካር ብዙ ሕዝብ የምታበላ ሴት ተሸካሚ ብትሆን የሚያስተላልፈው የፈላው ወጥ አይደለም። ወጡ ፈልቶ ትኩስ ከቀረበ ባክቴሪያው ይሞታል። የሚያስተላልፈው ከመፍላቱ ውጪ በእጅ የሚነካው ነው፦ ሰላጣው፣ አይቡ፣ እርጎው፣ ሳይፈላ የተቀዳው የመጠጥ ውኃ። ስለዚህ ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው ታይፎይድ ታክሞ ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት ሰገራው ለካልቸር ይላካል፤ ባክቴሪያው በየቀኑ ስለማይወጣም አንድ ናሙና አይበቃም፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ በተለያዩ ቀናት 3 ይወሰዳሉ። ዓመት አልፎም ከወጣ፣ ባክቴሪያው ሲፕሮን ያልተላመደ ከሆነ ለ28 ቀን በሲፕሮ ይታከማል። ጠጠር ካለ የሐሞት ከረጢቱን ማውጣት ይታሰባል፤ ያም ሆኖ በጉበት ውስጥ ባሉት የሐሞት ቱቦዎች ሊቀር ስለሚችል ሰገራው ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ይታያል።