ከ1.9 ቀጥሎ 1.10 ነው፦ የርዕስ ቁጥሮችን በኤክሴል ስለማውጣት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፎርሙላ ምን ያደርግልኛል? 1.1፣ 1.2 እያልኩ በእጄ እጽፈዋለሁ።»

እስከ 1.9 ድረስ ሰላም ነው። 1.10 ጽፋችሁ ኢንተር ስትጫኑ ግን ኤክሴል ዜሮዋን ይጥልና 1.1 ያደርገዋል። ለእሱ የጻፋችሁት አስርዮሽ ቁጥር ነው፤ በአስርዮሽ ደግሞ ሁለቱ እኩል ናቸው። ለእኛ ግን አንዱ የምዕራፍ 1 የመጀመሪያ ንዑስ ርዕስ ነው፣ ሌላው አሥረኛው። እንደ ጽሑፍ እንዲቆይ ሴሎቹን ከመጻፋችሁ በፊት Text ማድረግ ይቻላል። ሆኖም መሃል ላይ አንድ ርዕስ ከተጨመረ ከሥሩ ያለውን ሁሉ በእጅ ማረም ሊኖርባችሁ ነው።

«ንዑስ ርዕሶቹን በስፔስ ገባ ገባ አድርጌያቸዋለሁ። ደረጃቸው ከዚያ ይታወቃል።»

ለዓይን ይታወቃል፣ ለፎርሙላ ግን አይታወቅም። ስለዚህ ደረጃውን በቁጥር ንገሩት። ዓምድ A ላይ ደረጃ፣ ዓምድ B ላይ ርዕስ አድርጉ። ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ርዕስ ረድፍ 2 ላይ ነው፦

```
1  መግቢያ
2  የጥናቱ ዳራ
2  የችግሩ መግለጫ
2  የጥናቱ ዓላማዎች
3  አጠቃላይ ዓላማ
3  ዝርዝር ዓላማዎች
1  የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት
2  ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ
```

ይቺ የደረጃ ዓምድ የሥራው ግማሽ ናት። በጥንቃቄ ሙሏት።

«ያው ቆጠራ አይደል? COUNTIF ይበቃል።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። `COUNTIF(A$2:A2,2)` ከላይ ጀምሮ ያሉትን ደረጃ 2 ርዕሶች በሙሉ ይቆጥራል። ምዕራፍ 1 ውስጥ ሦስት ስላሉ «ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ» አራተኛ ይሆንና 2.4 ይባላል። 2.1 ሳይኖር 2.4 ካያችሁ ችግሩ ይኸው ነው።

የሚያስፈልገው አዲስ ምዕራፍ ሲመጣ ወደ ዜሮ የሚመለስ ቆጣሪ ነው። ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ዓምድ ስጡት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በC2፣ D2 እና E2 ይገባሉ፣ አራተኛው በF2፦

```
=IF(A2=1,N(C1)+1,N(C1))
=IF(A2<2,0,IF(A2=2,N(D1)+1,N(D1)))
=IF(A2<3,0,N(E1)+1)
=IF(A2=1,C2&"",IF(A2=2,C2&"."&D2,C2&"."&D2&"."&E2))
```

ከዚያ እስከ መጨረሻው ረድፍ ጎትቷቸው። ነገሩ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ቆጣሪ ከራሱ በላይ ያለ ደረጃ ሲመጣ ዜሮ ይሆናል፣ የራሱ ደረጃ ሲመጣ አንድ ይጨምራል፣ ከሥሩ ያለ ደረጃ ሲመጣ ባለበት ይቆያል። `N` የገባው ረድፍ 1 ላይ ያለውን የዓምድ ስም እንደ ዜሮ እንዲቆጥረው ነው። ያለ እሱ `#VALUE!` ይመጣል። «ዝርዝር ዓላማዎች» ላይ ቆጣሪዎቹ 1፣ 3፣ 2 ይሆናሉ፤ F ላይ 1.3.2 ይወጣል። ቀጥሎ ያለው ርዕስ ደረጃ 1 ስለሆነ 2፣ 0፣ 0 ይሆናሉ። ስለዚህ «ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ» ትክክለኛውን 2.1 ያገኛል። F የሚያወጣው ጽሑፍ ስለሆነ 1.10ም ዜሮዋን አታጣም።

«ፎርሙላ ከገባ በኋላ ረድፍ ብጨምር ራሱ ያስተካክለዋል።»

አንድ ጓደኛዬ ጽሑፉን ሊያስረክብ አንድ ቀን ሲቀረው ከ«የችግሩ መግለጫ» ሥር «የጥናቱ ጥያቄዎች» የሚል ረድፍ አስገባ። ፎርሙላውን የቀዳው እዚያች ረድፍ ላይ ብቻ ነበር። ሁለት 1.3 ወጣለት። ምክንያቱም የ«ዓላማዎች» ረድፍ አሁንም የሚያየው ከአዲሱ በላይ ያለውን የድሮ ጎረቤቱን ነው። ረድፍ ሲጠፋም ከሥሩ `#REF!` ይሞላል። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው፦ ከለውጡ በላይ ካለው ረድፍ C እስከ F ይዛችሁ እስከ ታች እንደገና ጎትቱ።

በዓምድ F ሶርት ማድረግን ግን ተዉት። ጽሑፍ ስለሆነ 1.10 ከ1.2 በፊት ይመጣል፣ ቆጣሪዎቹም ይዘበራረቃሉ።

«2.0.1 ወጣብኝ፤ ፎርሙላው ተበላሽቷል።»

ፎርሙላው ደህና ነው። ከደረጃ 1 በቀጥታ ወደ 3 ዘላችኋል። ዜሮዋ የሁለተኛው ደረጃ ርዕስ እንደሌለ እየነገረቻችሁ ነው። ወይ የጎደለውን ርዕስ ጨምሩ፣ ወይ 3ቱን 2 አድርጉት። ዜሮዋን በፎርሙላ መደበቅ አልመክርም፤ ስህተቱን የምታሳያችሁ እሷ ናት።

«ቁጥሩን ከነርዕሱ ወርድ ላይ ፔስት አደርገዋለሁ።»

ለማሳየት ብቻ ከሆነ ይሁን። ገና የሚጻፍበት ሰነድ ከሆነ ግን ርዕሶቹን ብቻ ውሰዱ። ደረጃ 1ን Heading 1፣ 2ን Heading 2፣ 3ን Heading 3 አድርጉና Multilevel List ውስጥ ከሄዲንጎቹ ጋር የተያያዘውን ምረጡ። ፔስት ያደረጋችሁት ቁጥር ካለ ወርድ የራሱን ይደርብበትና «1.1 1.1 የጥናቱ ዳራ» ይሆናል። የኤክሴሉን ዓምድ F ደግሞ ማመሳከሪያ አድርጉት፤ ወርድ ያወጣው ቁጥር ከእሱ ከተለየ አንዱ ርዕስ የተሳሳተ ሄዲንግ ተሰጥቶታል ማለት ነው።