በሐኪም ማዘዣ ላይ ያለው «ቢ.አይ.ዲ» ምንድን ነው?

ሐኪሙ ማዘዣው ላይ ፈጠን ብሎ የሚጭራቸው ፊደላት ከላቲን ቃላት ያጠሩ ናቸው። ቢ.አይ.ዲ በቀን ሁለት ጊዜ ማለት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት የዋጠ ሰው ቀጣዩን ማታ 1 ሰዓት ይውጣል። ቲ.አይ.ዲ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ኪው.አይ.ዲ አራት ጊዜ ነው። ፒ.አር.ኤን ሕመሙ ሲሰማ ብቻ የሚወሰድ ነው።

ተንኮለኛው ኪው.ዲ ነው፤ በቀን አንዴ። በፊደላቱ መሀል የተጣለችው ነጥብ «አይ» መስላ ከተነበበች አንዴ የነበረው አራቴ ይሆናል። ለደም ግፊት 5 ሚሊግራም አምሎዲፒን በቀን አንዴ የታዘዘለት ሰው 20 ሚሊግራም ይውጣል፤ የቀኑ ጣሪያ ግን 10 ነው። ግፊቱ ከመጠን በላይ ወርዶ ከአልጋው ሲነሣ ሊወድቅ ይችላል። «በቀን አንዴ» ብሎ በሙሉ ቃል መጻፍ የሚፈጀው ሁለት ሰከንድ ነው።

የመድኃኒቱ ስም ሲደበዝዝ ደግሞ መጠኑን አይቶ መገመት ይቀላል ይባላል። እስቲ እንየው። ወረቀቱ ላይ የሚነበበው «ሜት...» ብቻ ነው፤ ቀሪው እንደ ክር ተጎትቷል። ቀጥሎ 500 ሚሊግራም፣ ቢ.አይ.ዲ ይላል። ሜትፎርሚን ነው ወይስ ሜትሮኒዳዞል? የመጀመሪያው የስኳር፣ ሁለተኛው ብዙዎች ፍላጅል የሚሉት የኢንፌክሽን መድኃኒት ነው። ሁለቱም 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሊታዘዙ ስለሚችሉ መጠኑ አይለያቸውም። የስኳር ታማሚው ፍላጅል ከተሰጠው ስኳሩ ሳይታከም ይከርማል፤ ኢንፌክሽን ያለበት ሜትፎርሚን ከዋጠ ሆዱ ይረበሻል እንጂ ኢንፌክሽኑ አይነካም።

ፍንጩ ሌላ ቦታ ነው። የፍሬው ብዛት 60 ከሆነ የአንድ ወር ነውና ወደ ስኳሩ፣ 14 ከሆነ የሰባት ቀን ነውና ወደ ኢንፌክሽኑ መድኃኒት ያመለክታል። የበሽታው ስም የሚሞላበት መስመርም አለ፤ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመጣል እንጂ። ታካሚውንም «ሐኪሙ ምን አገኘብዎት?» ብሎ መጠየቅ ነው። እነዚህ ሁሉ ግን ጥርጣሬን ይጠቁማሉ እንጂ ስሙን አያረጋግጡም። 60 የሚለው ቁጥር ራሱም በስህተት ሊነበብ ይችላል። የሚያረጋግጠው ያዘዘው ሐኪም ብቻ ነው፤ ፋርማሲስቱ ደውሎ ስሙን ፊደል በፊደል ያስነግራል፣ የሰማውንም መልሶ ያነብለታል።

ጎንደር ላይ ግምትን የሚገፋው መንገዱ ነው። ከጭልጋ ወይም ከደምቢያ የመጣ ሰው አመሻሽ ላይ ፒያሳ መድኃኒት ቤት ሲደርስ ሐኪሙ ወጥቷል፣ መኪናውም ሊያመልጠው ነው። «ይሄ ይመስለኛል» የሚባለው ያኔ ነው። ስለዚህ ታካሚው ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጣ «ዶክተር፣ ስሙን ነጣጥለው ይጻፉልኝ፣ ስልክዎንም ያስፍሩልኝ» ቢል ድፍረት አይሆንም።